ፎቅ ላይ ትንንሽ ልጆች ላሉበት ቤት የመስኮት መቀርቀሪያና መገደቢያ እንዴት ይመረጣል?

ደብረ ብርሃን ላይ ጂ ፕላስ ዋን የሚሠራ ሰው የምድሩን መስኮት በብረት ፍርግርግ ያጥራል። ሌባ ፈርቶ ነው። የፎቁን ግን እንዲሁ ይተወዋል፤ «እዚያ ድረስ ማን ይወጣል?» ይላል። ቤቱ ውስጥ የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ ካለ ግን ስጋቱ ያለው ፎቁ ላይ ነው። ልጁ አልጋ ላይ ይወጣል፣ ከአልጋው ወደ መስኮቱ ደፍ ይሻገራል፣ የተከፈተውን መዝጊያ ተደግፎ መንገድ ያያል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዕቃው ላይ ሳይሆን የት እንደሚገጠምና በምን እንደሚታሰር ላይ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ከግዢው ይልቅ ገጠማው ላይ ረዘም ብሎ ይቆያል።

መጀመሪያ፦ ሁለቱን ዕቃዎች ለዩ

መቀርቀሪያ መስኮቱን ዘግቶ ይይዛል። መገደቢያ ደግሞ የተከፈተው መስኮት ከተወሰነ ስፋት በላይ እንዳይከፈት ያደርጋል። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ጠንካራ መቀርቀሪያ ያለው መስኮት አየር ለማስገባት በተከፈተባት ሰዓት ጥበቃው አልቋል። መገደቢያ ብቻ ያለው መስኮት ደግሞ የደብረ ብርሃን ነፋስ ሲነሳ ቀኑን ሙሉ ሲንገጫገጭ ይውላል፤ ብሎኑም ይላላል።

«ታዲያ ቆልፌ ብተወውስ?» የሚል ሰው አይጠፋም። በተለይ በብርድ አገር መስኮት መዝጋት ቀላል ነው። ግን ብርዱ ከሰልንም ወደ ክፍል ያስገባል። በተዘጋ ክፍል የነደደ ከሰል የሚያመነጨው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰው እንደተኛ ይገድላል። ጭሱ ካለቀና ፍሙ ከቀላ በኋላም ጋዙ ይቀጥላል። ከሰል መኝታ ቤት ጨርሶ መግባት የለበትም፤ መገደቢያው በሚተወው ጠባብ ክፍተት ተማምናችሁም አታስገቡት። ቢሆንም ጨርሶ የማይከፈት መስኮት ያለው ቤት በሌላ በኩል አደጋ ያመጣል። ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ደግሞ በሙቀቱ መስኮት ዘግታችሁ መተኛት እንደማትችሉ ታውቁታላችሁ። እዚያ ለወባ ትንኝ የሚወጠረው ወንፊት ልጅ እንደሚይዝ የሚያስቡ አሉ። አይይዝም። ልጅ ሲደገፈው ከጠርዙ ተነቅሎ አብሮት ይሄዳል።

መቀርቀሪያውን መምረጥ

ከመግዛታችሁ በፊት ያለውን ፈትሹ። መስኮቱን ዝጉና ከውስጥ አራቱንም ማዕዘን በእጅ ገፋ ገፋ አድርጉ። መዝጊያው እጀታው አጠገብ ጸጥ ብሎ ከላይና ከታች ማዕዘኑ በኩል ግን የሚንቀሳቀስ ከሆነ አንድ ቦታ ብቻ የሚይዝ መቀርቀሪያ ለዚያ መስኮት አይበቃውም። ረጅም መዝጊያ ላይና ታች የሚገባ መቀርቀሪያ ይፈልጋል። እጀታው ራሱ የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ ምላሱ ወይም ምላሱ የሚገባበት ቀዳዳ ተበልቷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ መቀየር ያለበት ቀዳዳው ያለበት ቁራጭ ብረት ነው። ሱቅ ሄዳችሁ ሙሉ እጀታ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን እዩ።

ወደ ታች ተጭኖ ወይም ዞሮ የሚከፈት ተራ እጀታ ለሦስት ዓመት ልጅ እንቆቅልሽ አይደለም። እናቱ ስትከፍት አንዴ አይቷል። ስለዚህ ልጆች በሚደርሱበት መስኮት ላይ ቁልፍ ያለው እጀታ ይሻላል። ቁልፉ እጀታው ላይ ተሰክቶ የሚኖር ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ነው ያጠፋችሁት። እጀታውን ከፍ አድርጎ መግጠምም ብቻውን አይረዳም፤ ልጅ ወንበር ይጎትታል።

መገደቢያውን መምረጥ፦ ሁለት ቁጥር ብቻ ያዙ

የመጀመሪያው ቁጥር 10 ሴንቲ ሜትር ነው። መስኮቱ በጣም በሚከፈትበት ጠርዝ በኩል ክፍተቱ ከዚህ መብለጥ የለበትም። የትንሽ ልጅ ጭንቅላት እንዳያልፍ ታስቦ በብዙ አገር የሚሠራበት ልክ ነው። ሁለተኛው 35 ኪሎ ነው። የአውሮፓ የመስኮት ደረጃ መገደቢያው ይህን የሚያህል ግፊት ለአንድ ደቂቃ እንዲችል ይጠይቃል። ካርቶኑ ላይ 350 ኒውተን የሚል ካያችሁ ይኸው ነው።

ሱቅ ውስጥ የምታገኙት በብዛት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ኬብል ነው። በፕላስቲክ የተሸፈነ የተገመደ ሽቦ፣ ሁለት እግር፣ አንደኛው እግር ላይ ቁልፍ አለው። ሁለተኛው ጠጣር ክንድ ነው። መዝጊያው ሲከፈት አብሮ ተንሸራቶ ልኩ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ለመልቀቅ አዝራር ወይም ቁልፍ አለው። ባለሙያም ሻጭም ሁለቱንም «ስቶፐር» ሊላችሁ ይችላል። ስለዚህ ስትጠይቁ ዕቃውን ግለጹ፤ «የፎቅ መስኮት ከአንድ ጋት ትንሽ በልጦ እንዳይከፈት የሚይዝ፣ ቁልፍ ያለው» በሉ።

ነፋስ ለሚበዛበት ክፍል እኔ ክንዱን እመርጣለሁ። ኬብል ወደ ውጪ መሄድን ብቻ ይከለክላል፤ ነፋሱ መዝጊያውን መልሶ ሲያላጋው አይይዘውም። ከጊዜ በኋላ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ኬብል ግን ለማንኛውም የመስኮት ዓይነት ይስማማል፣ ለመግጠምም ቀላል ነው። ነፋስ በማይመታው በኩል ምንም ችግር የለበትም።

አንድ ነገር አትግዙ፦ በሁለት ፊት ማጣበቂያ ፕላስተር የሚለጠፈውን የልጅ መቆለፊያ። ለመሳቢያና ለቁም ሳጥን የተሠራ ነው። ፀሐይ ሲመታው፣ ሌሊት ሲበርደው፣ ጠዋት ጤዛ ሲወርድበት ይለቃል።

የት ይገጠም? የአንድ ቤት ምሳሌ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ቤት እናስብ። ፎቁ ላይ የልጆች መኝታ አለ። መስኮቱ ባለ ብረት ፍሬም ነው፤ ወደ ውጪ የሚከፈት አንድ መዝጊያ አለው። መዝጊያው 60 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፣ 110 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። እናትየው ኬብል ገዝታ ባለሙያ ጠርታለች።

ባለሙያው ኬብሉን ከማጠፊያው 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ሊገጥመው ምልክት አደረገ።

«እትዬ፣ እዚህ ጋ በመጋረጃው ስለሚደበቅ አያስጠላም» አላት።

«ወንድሜ፣ እዚያ 10 ሲከፈት ጫፉ ጋ ስንት ሊሆን ነው?» አለችው።

ጥያቄዋ ትክክል ነው። መዝጊያው የሚዞረው ማጠፊያው ላይ ነው። ከማጠፊያው በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ሲከፈት፣ በ60 ሴንቲ ሜትሩ ጫፍ ላይ ሦስት እጥፉ ይሆናል፤ 30 ሴንቲ ሜትር። በዚያ ልጅ በደንብ ያልፋል። ኬብሉ አለ፣ ተቆልፏል፣ ቤተሰቡም ተረጋግቷል፤ መስኮቱ ግን ክፍት ነው።

«እሺ ኬብሉን አሳጥረዋለሁ» ቢልስ? ያኔ ክፍተቱ ይስተካከላል፣ ጉልበቱ ግን ይከፋል። ልጁ ጫፉን በ35 ኪሎ ቢገፋ፣ ማጠፊያው አጠገብ ያለው ኬብል የሚሸከመው ሦስት እጥፍ ነው፤ 105 ኪሎ። በስስ ላሜራ ላይ የታሰረ ትንሽ ብሎን ይህን አይችልም።

ስለዚህ ቦታው እጀታው ባለበት በኩል፣ ከማጠፊያው በተቻለ መጠን ርቆ ነው። በዚህ መስኮት ላይ የታችኛው ብረት ላይ ከማጠፊያው 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ገጠሙት። እዚያ ቦታ ላይ 8 ሴንቲ ሜትር ከጥቂት ሲከፈት ጫፉ 10 ይሆናል። የ35 ኪሎው ግፊትም ኬብሉ ላይ 42 ኪሎ ገደማ ሆኖ ያርፋል። ልዩነቱ የ30 ሴንቲ ሜትር ቦታ ነው።

ልኩን ለማውጣት ስሌት እንኳ አያስፈልግም። ከጣውላ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ አስቆርጡ። መስኮቱን ከፍታችሁ ቁራጩን ጫፉ ጋ በፍሬሙና በመዝጊያው መካከል አስገቡ። አንድ ሰው መዝጊያውን ቁራጩ ላይ ይያዝ። የኬብሉን አንድ እግር መዝጊያው ላይ በምትፈልጉበት ቦታ አስቀምጡ፣ ኬብሉን ወጥሩ፣ ሌላው እግር ፍሬሙ ላይ ያረፈበትን በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ገበያ ላይ ያለው ኬብል ብዙ ጊዜ 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን ከገጠማችሁ ክፍተቱ ከ10 በጣም ይበልጣል። እግሮቹን አራርቃችሁ ነው ትርፉን የምትበሉት። ኬብሉን አጥፎ በቋጠሮ ማሳጠር አይሆንም፤ ቋጠሮ ይንሸራተታል፣ ሽቦውም እዚያው ይሰበራል።

በምን ይታሰር?

ይህ በፍሬሙ ዓይነት ይወሰናል። በብረት እንጀምር፣ ሰሜን ሸዋ ላይ ብዙው እሱ ነውና። የመስኮት ብረት ውስጡ ባዶ የሆነ ስስ ላሜራ ነው። በትራፓኖ በስታችሁ ቪቲ ብታስገቡበት ሁለትና ሦስት ጥርስ ብቻ ነው የሚይዘው። ለጊዜው ይጠብቃል፤ ነፋሱ ሲያንገጫግጨው ይላላል። የሚሻለው ከወዲያ በኩል ዳዶ የሚታሰርለት ብሎን ነው። ከጀርባው እጅ የማይገባ ከሆነ የብረት ሪቬት ተጠቀሙ። የአልሙኒየም ሪቬት ለስላሳ ነው፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቀዳዳውን ከከፈታችሁ በኋላ ጠርዙን ፀረ ዝገት ቀለም ቀቡት። ጣርማ በርና ደብረ ሲና አካባቢ ጉሙ ስለሚበዛ ያልተቀባ ቀዳዳ ቶሎ ይዝጋል።

ብየዳም ይቻላል፤ ጠንካራ ነው። ግን መስታወቱ ሳይወጣ አጠገቡ ከተበየደ በሙቀቱ ይሰነጠቃል፣ ስቱኮውም ይቃጠላል። ብረት በሞላ ማሽን ሲቆረጥ የሚወጣው ፍንጣሪም መስታወቱን ያበላሸዋል። ባለሙያው «እርጥብ ጨርቅ አደርጋለሁ» ቢላችሁም መስታወቱ ወጥቶ ይበየድ በሉ።

የፕላስቲክ ፍሬም ላይ ደግሞ ማግኔት ያዙ። ጥሩው ፍሬም ውስጡ የብረት ማጠናከሪያ አለው። ማግኔቱ የሚስብበት ቦታ ላይ ቪቲው ብረቱን ማግኘት አለበት። ፕላስቲኩን ብቻ የነከሰ ቪቲ አንድ ቀን ከነቁራጩ ይወጣል። እንጨት ከሆነ ከ30 ሚሊ ሜትር ያላነሰ የእንጨት ቪቲ ይግባ። አስቀድማችሁ በቀጭን ፑንታ ብሱት፤ የደረቀ ባሕር ዛፍ ያለዚያ ይሰነጠቃል።

ሁለት ብሎን ብቻ የሚፈልግ እግር ከሆነ ሁለቱም ይታሰሩ። አንዱ ቀዳዳ ከመስታወቱ ጋር ስለተጋጠመ «አንዱ ይበቃል» የሚባለውን አትቀበሉ። ቦታ ቀይሩ።

የሚንሸራተት የአልሙኒየም መስኮት ከሆነ

አዳዲሶቹ ቤቶች ላይ ይኸኛው በዝቷል። ኬብል አያስፈልገውም፤ ሐዲዱ ላይ የሚቆም ማገጃ ይበቃዋል። ሦስት ነገር ግን አስተውሉ።

አንደኛ፣ ሁለቱም መስታወት የሚንሸራተቱ ከሆነ ማገጃው ሁለት ነው። ሰው አንዱን አግዶ ሌላውን ይረሳል፤ ልጅ ደግሞ የሚንሸራተተውን ያገኘዋል። ሁለተኛ፣ በጣት የሚጠብቀው ማገጃ ሐዲዱን ቆንጥጦ ብቻ ነው የሚይዘው። በደንብ ሲገፉት ይንሸራተታል። ሐዲዱ ተበስቶ በሪቬት የሚታሰረው ወይም በቁልፍ የሚጠብቀው ይሻላል። ሦስተኛ፣ መስታወቱን ወደ ላይ አንሱት። ከሐዲዱ ሊወጣ የሚችል ከሆነ ማገጃው ዋጋ የለውም። ባለሙያው ከላይ ባለው ሐዲድ ውስጥ ቁራጭ ገጥሞ የመነሻ ቦታውን ያጥብበው።

ከላይ ተንጠልጥሎ ከታች የሚከፈት ትንሽ መስኮት ካላችሁ ደግሞ በቀኝም በግራም አንድ አንድ መገደቢያ ይግባለት። በአንድ በኩል ብቻ የተያዘ መዝጊያ ይጣመማል።

ሙከራው

ባለሙያው ሒሳቡን ተቀብሎ ከመሄዱ በፊት ሞክሩት። መስኮቱ ሥር ሰው እንዳይቆም አድርጉ። መዝጊያውን ለጥንቃቄ ላላ ባለ ገመድ ወደ ውስጥ እሰሩት። የሰው ሚዛን ካላችሁ መዝጊያው ብረት ላይ፣ እጀታው ባለበት ጠርዝ አቁማችሁ በእጃችሁ ደግፉት። መስታወቱ ላይ እንዳይሆን። ባለ ቀስት ሚዛን ከሆነ ሲቆም ዜሮው ይዛባል፣ አስተካክሉት። እግራችሁን ወለሉ ላይ ተክላችሁ 35 እስኪያነብ ቀስ ብላችሁ ግፉ፤ እስከ 60 ቁጠሩ። ደፉ ላይ ወጥታችሁ ወይም ሰውነታችሁን ወደ ውጪ ጥላችሁ አይሆንም።

ሌላ ሰው ይህን ጊዜ በጣውላ ቁራጩ ክፍተቱን ከታች፣ ከመሐልና ከላይ ይለካ። ቁራጩ ከላይ በኩል በልቅ የሚያልፍ ከሆነ መዝጊያው እየተጣመመ ነው፤ ከላይ ሁለተኛ መገደቢያ ጨምሩ። ግፊቱን ስትለቁ ደግሞ የብሎኖቹን ዙሪያ እዩ። ላሜራው ጎብጦ ከወጣ፣ ቀለሙ ቀለበት ሠርቶ ከተሰነጠቀ ወይም እግሩ በእጅ ከተነቃነቀ ሥራው አላለቀም። ከኋላ ሰፋ ያለ ቁራጭ ብረት ተደርጎ እንደገና ይታሰር።

እሳት ቢነሳስ?

ለዚህ ነው መገደቢያው በአዋቂ እጅ የሚለቀቅ መሆን ያለበት። በብየዳ ለዘለዓለም የታሰረ መስኮት ልጁን ከመውደቅ ያድነዋል፣ በጭስ ጊዜ ግን ያፍነዋል። ፎቁን እንዳለ በማይከፈት ፍርግርግ ማጠርም ያው ነው። ፍርግርግ ከመረጣችሁ በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ብረቶቹ ቋሚ ይሁኑ፣ አግድሞሽ ከሆኑ ልጅ መሰላል ያደርጋቸዋል። በየክፍሉም ቢያንስ አንዱ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን። ፍርግርጉ በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም። ኒውዮርክ ከተማ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕድሜያቸው 10 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ባሉባቸው አፓርታማዎች የመስኮት መከላከያ እንዲገጠም በሕግ አስገድዳለች። ጥያቄው አዋቂ በቶሎ ሊከፍተው ይችላል ወይ ነው።

ቁልፉን እዚያው ክፍል፣ ከመስኮቱ ራቅ ባለ ግድግዳ ላይ፣ ከአዋቂ ትከሻ በላይ በሚስማር ስቀሉት። ሥሩ አልጋም ወንበርም አይኑር። ቤት ውስጥ የምታግዝ ልጅ ካለች፣ አያትም አብራችሁ የምትኖር ከሆነ፣ ሁለቱም በእጃቸው ከፍተው ይሞክሩት። በጨለማም ጭምር፤ መብራት ሲጠፋ ነውና ብዙ ነገር የሚሆነው።

አልጋውንም ከመስኮቱ አርቁት። ክፍሉ ጠቦ አማራጭ ከሌለ ቢያንስ የራስጌው ጣውላ በመስኮቱ በኩል እንዳይሆን አድርጉ፤ እሱ ነው መወጣጫ የሚሆነው።

ከተገጠመ በኋላ

ቤት ሲቀባ መገደቢያውን ሸፍኑት። ቀለም የገባበት ቁልፍ ወይ አይቆለፍም ወይ አይከፈትም። ክረምቱ ሲወጣ ብሎኖቹን በካቻቪቴ ሞክሩ፣ ከኬብሉ እግር ሥር ዝገት እንዳለ እዩ። የኬብሉ የፕላስቲክ ሽፋን ተልጦ ከውስጥ አንድ ክር ሽቦ እንኳ ተበጥሶ ካያችሁ በፕላስተር አትጠቅልሉት። ኬብሉን አውጥታችሁ በአዲስ ቀይሩት፣ ከዚያ በጣውላ ቁራጩ እንደገና ለኩ፤ የአዲሱ ርዝመት ከአሮጌው ጋር ላይገጥም ይችላል።